የአያትሽ ፈጢራ በግራምና በሚሊ ሊትር

ይህ ካርድ ለ4 ሰው ቁርስ የሚበቃ 4 ፈጢራ የሚወጣበት ነው። ሊጡን ለማቡካት 15 ደቂቃ፣ ለማሳረፍ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ለመዘርጋትና ለመጥበስ ደግሞ 40 ደቂቃ ያስፈልግሻል፤ ስለዚህ እንግዳ ካለብሽ ሥራውን በማለዳ ጀምሪ። መጠኖቹን ያገኘኋቸው አያትሽ ድሬ ዳዋ በራሳቸው ማድ ቤት፣ በራሳቸው እጅ ሲሠሩ እያንዳንዱን ዕቃ ከመንካታቸው በፊትና ከነኩት በኋላ በሚዛን እየመዘንሁ ነው። እርሳቸው በሚዛኑ ቢስቁም አልከለከሉኝም።

ለሊጡ 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 8 ግራም ደቃቅ ጨው፣ 240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃና 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። ሊጡን ለመቀባትና ለመዘርጋት ሌላ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ለመጥበሻው 40 ግራም፣ ለእንቁላሉም ትንሽ የተነጠረ ቅቤ አዘጋጂ። ለመሐሉ 6 እንቁላል፣ በደቃቁ የተከተፈ 60 ግራም ቀይ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣለት 1 ቃሪያና 2 ግራም ጨው ይገባል። ማሩን አልመዘንሁትም፤ እንደ ወደድሽ አፍስሺበት።

ስለ ዱቄቱ በሚገባ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። አያትሽ «ሦስት እፍኝ» የሚሉት በሁለት እጅ የታፈሰውን ነው። የመጀመሪያው እፍኝ 128፣ ሁለተኛው 137፣ ሦስተኛው 135 ግራም መዘነ፤ ድምሩ 400 ግራም ይሆናል። አንዱ ከሌላው ቢለያይም እርሳቸውን አያሳስባቸውም፣ ምክንያቱም የእፍኙን ጉድለት ወይም ትርፍ በውሃው ያስተካክሉታል። አንቺ ግን እጅሽ ገና ስላልለመደ ዱቄቱን በሚዛን፣ ውሃውንም በሚዛን ያዢ። የ1 ሚሊ ሊትር ውሃ ክብደት 1 ግራም ስለሆነ የላክሁልሽ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ለሁለቱም ይበቃል። በብርጭቆ እንዳትለኪ፤ የተጠቀጠቀና የተነፋ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውስጥ እጅግ የተለያየ ክብደት አለው።

ጨውን በተመለከተ «ቆንጠር አድርጊበት» ሲሉ ብትሰሚ በሁለት ጣት ጫፍ የሚያዝ እንዳይመስልሽ። በአምስቱም ጣቶች ሰብስበው የሚያነሡት አንድ ቁንጥር 4 ግራም መዘነ፣ ሁለት ጊዜ ስለሚጨምሩም 8 ግራም ሆነ። ይህ ከዱቄቱ ክብደት 2 በመቶ ነው፤ ዱቄቱን ብታበዢ ወይም ብትቀንሺ ጨውን በዚሁ ሒሳብ አስልተሽ ውሰጂ። ሻካራ ጨው ካለሽ በማንኪያ አትለኪ፣ ቅንጣቶቹ መሐል ክፍተት ስለሚተዉ በአንድ ማንኪያ የሚይዘው ክብደት ያንሳል።

ዱቄቱንና ጨውን አደባልቂና ከውሃው 210 ሚሊ ሊትሩን ብቻ በመጀመሪያ አፍስሺ። ቀሪውን 30 ሚሊ ሊትር ያስቀመጥሁልሽ ዱቄት ሁሉ አንድ ዓይነት ውሃ ስለማይጠጣ ነው። 20 ሚሊ ሊትሩን ዘይት ጨምረሽ 10 ደቂቃ ያህል ልወሺ። ሊጡ ለስለስ ብሎ፣ እጅ ላይ መለጠፍ ሊጀምር ሲል ግን ሳይለጠፍ መቅረት አለበት፤ ከጠነከረ የቀረውን ውሃ በየጊዜው አንድ የሾርባ ማንኪያ እየጨመርሽ ልወሺ። ከዚያ በእኩል ለአራት ክፈይው። እያንዳንዱ ድብልብል 165 ግራም ያህል ይመጣል፤ ጥቂት ግራም ጎድሎ ብታገኚው እጅሽና ሳሕኑ ላይ የቀረው ነው።

ድብልብሎቹን ከ80 ሚሊ ሊትሩ ዘይት በ30ው ቀብተሽ፣ በሳሕን አኑረሽ በጨርቅ ሸፍኚ። አያትሽ የማሳረፊያውን ጊዜ የሚለኩት በቡና ነው፤ ቡናው ሊቆላ ሲል ሊጡን አኑረው በረካው ሲቀዳ ያነሡታል። በሰዓት ሳየው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ሆኗል። ይህ ግን የድሬ ዳዋ ሰዓት ነው። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ስለምንገኝ ማድ ቤቱ ሙቅ ነው፣ ሊጡም ፈጥኖ ይላላል፤ አዲስ አበባ ግን ከዚህ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቀዝቃዛ ስለሆነ 2 ሰዓት ስጪው። የደረሰ መሆኑን ለማወቅ ጣትሽን ተጭነሽ አንሺ፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ለመዘርጋት ዝግጁ ነው፣ ወዲያው ተመልሶ ከሞላ ግን ገና ነው።

የዚህ ምግብ ሙያ ያለው መዘርጋቱ ላይ ነው። ንጹሕ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ 12 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት ቀብተሽ ድብልብሉን በመዳፍሽ አስፊው፣ ቀጥሎ ከሥሩ እጅሽን እየሰደድሽ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀስ እያልሽ ሳቢው። መዳመጫ አትጠቀሚ፤ ሊጡን ስለሚያደርቀውና ስለሚያጠብቀው እንደ ወረቀት አይሳሳልሽም። ከሥሩ የጠረጴዛው መልክ እስኪታይ፣ ወርዱም ወደ 50 ሴንቲ ሜትር እስኪጠጋ ድረስ ሳቢ። ቢቀደድ አትጨነቂ፣ ሲታጠፍ ይሸፈናል። ዘይት ለመቆጠብ የምታስቢ ከሆነ ግን እዚህ ላይ አትቆጥቢ፤ በአንዱ ንጣፍና በሌላው መካከል ያለው ዘይት ነው ሲጠበስ እንዲለያይ የሚያደርገው፣ ያለ እርሱ ወፍራም ቂጣ ይሆንብሻል።

እንቁላሎቹን ከሽንኩርቱ፣ ከቃሪያውና ከ2 ግራሙ ጨው ጋር መትተሽ በትንሽ ቅቤ ጥበሺና ገና ርጥብ ሳለ ከእሳት አውርጂ፤ በሊጡ ውስጥ ሆኖ መብሰሉን ይቀጥላል። የእንቁላሉን አንድ አራተኛ በተዘረጋው ሊጥ መሐል አድርገሽ አራቱን ጠርዞች እንደ ፖስታ እጠፊበት፣ 18 ሴንቲ ሜትር የሚያህል አራት ማዕዘን ይወጣሻል።

ምጣዱ መሞቁን አያትሽ በውሃ ጠብታ ይፈትናሉ፤ ጠብታዋ ጭስ ብላ ወዲያው ብትደርቅ ልክ ነው፣ ተንከባልላ ብትሮጥ ግን እሳቱ በዝቷል። ያንቺ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቁጥሩ እስከ 6 ስለሆነ በ4 ጀምሪ። ለአንድ ፈጢራ 10 ግራም ቅቤ አቅልጠሽ በታጠፈበት በኩል መጀመሪያ 4 ደቂቃ፣ ገልብጠሽ 3 ደቂቃ ጥበሺ። የከሰል እሳት ላይ ከሆነ በሰዓት አትመሪ፣ ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ አውጪው። ማሩን ያፈሰስሽበት እንደሆነ ወዲያው አቅርቢ፤ ከቆየ ሊጡ ይረጥባል። ቃሪያ ካለበት እንቁላል ጋር ማር ይጣላል ብለሽ ትጠራጠሪ ይሆናል፣ ሳትቀምሺ አትፍረጂ።

አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ሊጡን አትቀንሺ። የቀሩትን ድብልብሎች በዘይት እንደ ተቀቡ በክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሪ፣ እስከ ማግስቱ ይቆያሉ፤ ከመዘርጋትሽ በፊት ግን 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውጭ አድርጊያቸው።