ጥያቄ 3፦ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣንና ሕገ መንግሥቱ (25 ነጥብ)

በድሬዳዋ አባታቸው የሞቱባቸው እህት፣ ወንድማቸው ስለ ውርስ ቤቱ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲከሷቸው፣ በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እንደማይፈቅዱ በመጀመሪያው ቀጠሮ በጽሑፍ አመለከቱ። ፍርድ ቤቱ ግን ኋላ ምስክር ማሰማታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ለወንድምየው የእርሳቸውን እጥፍ ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው።

ሀ) ውሳኔው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(1)፣ 34(5) እና 78(5) እንዲሁም ከአዋጅ ቁጥር 188/1992 አንጻር ይጸናልን?

ለ) እህትየው በነጻ ፈቃዳቸው ቀርበው ቢሆን ኖሮ፣ በአንቀጽ 35(7) የተረጋገጠላቸው የውርስ እኩልነት ቀሪ ይሆን ነበርን? የሚያዋጣው ክርክር እዚህ ላይ ስለሆነ፣ በአንቀጽ 27 የተደነገገውን የሃይማኖት ነጻነትም በመመዘን በስፋት ይተንትኑ፤ አንቀጾቹን መገልበጥ ብቻ ነጥብ አያሰጥም።

ሐ) አቤቱታው ለየትኛው አካል ይቀርባል? ባጭሩ ይመልሱ።