ለአቮካዶው ማሳ አጥር የሚያስፈልግ ቋሚና ሽቦ

ጋሼ፣ በሜትር የለኩትን ይዤ ስሌቱን ጨረስኩ። መንገዱ ዳር 84 ሜትር፣ በምሥራቅ 127፣ ከላይ 91፣ ቦዩ ዳር 118። ዙሪያው 420 ሜትር ነው። የ4 ሜትሩን በር ስንቀንስ ሽቦ የሚወጠረው 416 ሜትር ላይ ነው።

የቋሚ ርቀት 2.5 ሜትር ይዣለሁ። 420ን ለ2.5 አካፍሎ 168 ማለት ይቻላል፤ ግን ማዕዘን ላይ የግድ ቋሚ ስለሚቆም እያንዳንዱን ጎን ለብቻ ማካፈል ይሻላል። ትርፍ ከመጣ ወደ ላይ እንሞላለን።

መንገድ ዳር፦ ከማዕዘኑ እስከ በሩ 30 ሜትር፣ 12 ክፍተት። በሩ ራሱ 1። ከበሩ ወዲያ 50 ሜትር፣ 20 ክፍተት። ድምር 33።
ምሥራቅ፦ 127 ÷ 2.5 = 50.8፣ ስለዚህ 51።
ላይ፦ 91 ÷ 2.5 = 36.4፣ 37።
ቦዩ ዳር፦ 118 ÷ 2.5 = 47.2፣ 48።

ጠቅላላ 169 ክፍተት። አጥሩ ዞሮ ስለሚገጥም ቋሚውም 169 ነው፤ አንድ የሚጨመረው ለቀጥታና ክፍት አጥር ብቻ ነው። ሲተክሉ ምሥራቁን በ2.49፣ ላይኛውንና ቦዩን በ2.46 ሜትር ያካፍሉት፤ መጨረሻ ላይ ጠባብ ክፍተት አይቀርም።

ከ169ኙ 8ቱ ወፍራም ይሁኑ፦ 4 ለማዕዘን፣ 2 ለበር፣ 2 ለረጃጅሞቹ ጎኖች መሐል። ሽቦውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ለእነሱ 14 ደጋፊ እንጨት ያስፈልጋል፦ ለማዕዘንና ለመሐል ሁለት ሁለት፣ ለበር አንድ አንድ። የቀሩት 161 መደበኛ ናቸው፤ የሚሰነጠቅ ስለማይጠፋ 170 ይግዙ። ቁመታቸው 1.80፣ 60 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ውስጥ። ባሕር ዛፉ ቅርፊቱ ተልጦ የደረቀ ይሁን፣ እርጥቡን እባክዎ አይቀበሉ።

እሾሃማ ሽቦው አምስት መስመር ነው። ፍየል ከሥር ስለምትገባ ከመሬት 20፣ 40፣ 60፣ 85 እና 115 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። አራት መስመር ይበቃል የሚሉዎት በሬን ብቻ አስበው ነው። ችግኙ ገና ለጋ ነው፣ አንድ ቀን የገባች ፍየል የዓመት ልፋት ትበላለች።

416 × 5 = 2080 ሜትር። ለመጠቅለያና ለመቀጠያ 5 በመቶ ስጨምር 2184። ሚስማር፦ 169 × 5 = 845፣ 900 ይበቃል።

ገንዘብ ካጠረ ርቀቱን 3 ሜትር እናድርገው፤ ቋሚው ወደ 142 ይወርዳል። ሽቦው ግን አይቀንስም፣ ስለዚህ ከሽቦ እቆጥባለሁ ብለው ርቀት አያስፉ። እኔ 2.5 ላይ ብንጸና ደስ ይለኛል፤ መኸር ተሰብስቦ ከብት ሲለቀቅ ሰፊ ክፍተት ቶሎ ይረግባል።

ጥቅሉ 200 ሜትር ከሆነ 11 ይግዙ፣ የሚተርፈው 16 ሜትር ብቻ ነው። 250 ሜትር ከሆነ 9። የጥቅል ርዝመት ስለሚለያይ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን በሜትር ይጠይቁት፣ በኪሎ ብቻ ከነገረዎት አይስማሙ።