የቤዛና የናትናኤል ሰርግ፦ የፕሮግራም፣ የአለባበስና የትራንስፖርት ማስታወቂያ

ውድ ቤተሰቦች፣ ጤና ይስጥልን። እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሳችሁ፤ ለጥምቀትም በሰላም ያድርሰን።

ሰርጉ እሁድ ጥር 17 ቀን 2018 ነው። በግል እየደወላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሱን አንድ ቦታ ላይ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ። ረዘም ያለ ነው፤ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ስልክ ለማይጠቀሙ አዋቂዎች ደግሞ ከልጆች አንዳችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። በተለይ የመኪናውን ነገር።

ከሁሉ በፊት ስለ ሰዓት። እዚህ የተጻፈው ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከውጭ የምትመጡ ወንድሞችና እህቶች፣ የንጋቱ 11፡00 ሰዓት ማለት ስልካችሁ ላይ 5፡00 ኤኤም ነው። ማንቂያችሁን ስትሞሉ ተጠንቀቁ።

ከሰርጉ በፊት ያሉት ቀናት

ሐሙስ ጥር 14 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሲኤምሲ እማዬ ቤት ሽንኩርት ይከተፋል። እጅ ያስፈልገናል። ቢላዋና መክተፊያ ይዛችሁ ኑ፤ ቤት ያለው አይበቃም። ድንኳኑም የሚተከለው በዚያው ቀን ስለሆነ ጎረምሶቹ ከሰዓት በኋላ አትጥፉ።

ቅዳሜ ጥር 16 የዶሮው ቀን ነው። ኃላፊዋ እትዬ አልማዝ ናቸው። ዶሮ መበለት የምትችሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተገኙላቸው። እሳቸው 12ቱ ብልት ተቆጥሮ ካልወጣ ደስ አይላቸውም፤ እውነታቸውንም ነው። አምና ሎሚና ጨው አዘጋጅተው የጠበቁንን ሴት ዘንድሮ ብቻቸውን ልንተዋቸው አይገባም። ማታ ላይ ቤዛ ሂና ስለምትቀባ እህቶችና ጓደኞች እዚያው እንቆያለን። ግን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብቻ። እሷ መተኛት አለባት።

እሁድ ጥር 17

ሥርዓተ ተክሊሉ ሲኤምሲ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ከንጋቱ 11፡30 ላይ ሁላችንም ቦታችንን ይዘን መቆም አለብን። ከተክሊሉ ቀጥሎ ቅዳሴ ስለሚገባ አርፍዶ የመጣ ሰው መሃል ለመሃል እየተሹለከለከ ሲገባ ጸሎቱን ይረብሻል። ሙሽሮቹ አብረው ይቆርባሉ። ለመቁረብ ያሰባችሁ ካላችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለቪዲዮና ለፎቶ የተፈቀደላቸው ባለሙያዎቻችን ብቻ ናቸው። ውስጥ ሆናችሁ ስልክ አታውጡ። ቤዛ ይህን ከልቧ ነው የለመነችኝ። ዘውዱ ሲደፋላቸው የሰው ዓይን ማየት ነው የምትፈልገው።

ቅዳሴው ወደ 3 ሰዓት ገደማ ያበቃል። ከዚያ የሙሽራዋ ወገን ወደ እማዬ ቤት፣ የሙሽራው ወገን ወደ ሳሪስ። ቁርስ በሁለቱም ቤት አለ። እባካችሁ በደንብ ብሉ፤ ምክንያቱም ምሳው ይዘገያል።

5 ሰዓት ላይ ናትናኤልና ሚዜዎቹ ቤዛን ሊወስዱ ይመጣሉ። በር ላይ የምታስጨንቋቸው እህቶች ድምፃችሁን ሞርዱ። እንደ ልባችሁ ዝፈኑ፣ ግን 5፡30 ላይ በሩ ይከፈት። ከዚያ ምርቃት አለ። ቤተሰቡ ተነጋግሮ የሚመርቁት እማማ ይሁኑ ብሏል። ለዚህ ብለው ነው ከደብረ ብርሃን የሚመጡት። እሳቸው ሲመርቁ ሙዚቃውም ጭብጨባውም ይቁም። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ እኔ ደግሞ አንድም ቃል እንዲያመልጠን አልፈልግም።

6 ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ከሚዜዎቻቸው ጋር ለፎቶ ወደ ወዳጅነት ፓርክ ይሄዳሉ። እዚያ የሚሄዱት እነሱ ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን ቀጥታ ወደ አዳራሽ።

አዳራሹ ገርጂ ነው። ሎኬሽኑ ከላይ ፒን ተደርጓል። እንግዶች ከ7 ሰዓት ጀምሮ ይገባሉ፣ ሙሽሮቹ 8 ሰዓት ላይ። ምሳ የሚነሳው እነሱ ከገቡ በኋላ ነው። ስኳር ያለባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ አዋቂዎች ግን መጠበቅ የለባቸውም። በግራ በኩል ባለው የመጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ ይቀርብላቸዋል፤ እህቴ ሳራ እዚያው ትቆማለች። ለሙስሊም ወዳጆቻችንና ጎረቤቶቻችን በራሳቸው ሰው የታረደና ለብቻው የተሠራ ምግብ በተለየ ቡፌ አለ። ስትጋብዟቸው ይህን ንገሯቸው፤ እንግዳ ሆኖ ሰው መጠየቅ ያሳፍራል።

12 ሰዓት ላይ አዳራሹን እንለቃለን። ሙሽሮቹን ወደ ሳሪስ የምንሸኘው ከዚያው ተነስተን ነው።

መልስና ቅልቅል

መልስ ማክሰኞ ጥር 19 ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እማዬ ቤት፣ ድንኳኑ ውስጥ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ማክሰኞን አናሳልፈውም። ቅልቅሉ ቅዳሜ ጥር 23 ከቀኑ 6 ሰዓት ሳሪስ በናትናኤል ወላጆች ቤት ነው። «ለምን ትንሽ አይገፋም?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። ሰኞ ጥር 25 ነነዌ ይገባል፤ የካቲት 9 ደግሞ ዐቢይ ጾም። ስለዚህ የሚገፋ የለም። ቅልቅሉ የሁለቱ ቤተሰብ የቅርብ ሰዎች ብቻ የሚገናኙበት ስለሆነ ጓደኛ ይዛችሁ አትምጡ፤ ቤቱ አይበቃም።

አለባበስ

ለቤተ ክርስቲያን ሁላችንም ነጭ። ሴቶች ቀሚሱ ረጅም ይሁን፣ ነጠላ ከራስ። ወንዶች ከሱሪና ከሸሚዝ በላይ ነጠላ። የጥር ንጋት ብርድ አይቻልምና ለአዋቂዎች ጋቢ ያዙ። ጫማ ስለሚወልቅ ወፈር ያለ ካልሲ አድርጉ፣ ጫማችሁን የምትይዙበት ፌስታልም አትርሱ። ከመቶ ጥንድ ጫማ መሃል የራስን መፈለግ ሰልፉን ያጓትታል።

ለአዳራሹ የሙሽራዋ እህቶች፣ አክስቶችና የአጎት ልጆች ወይን ጠጅ ጥለት ነው። በሙሽራው በኩል ያሉት አረንጓዴ። ሽሮ ሜዳ ያዘዝነው ደርሷል፤ ልኬታችሁን የሰጣችሁ ከሰኞ ጥር 4 ጀምሮ እማዬ ቤት መጥታችሁ ውሰዱ። እዚያው ለኩት። ከጠበበ ወይም ከረዘመ ለማስተካከል ጊዜ አለ፤ ቅዳሜ ማታ መርፌና ክር ይዤ መሯሯጥ አልችልም። ጥለቱን ያላዘዛችሁ አትጨነቁ፣ ያላችሁን የሐበሻ ቀሚስ ልበሱ። ማንም ለአንድ ቀን ብሎ እንዲበደር አንፈልግም።

ወንዶች ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ። የክራቫት ቀለም ግዴታ የለውም። ሌሎች እንግዶች የፈለጋችሁትን ዘመናዊ ልብስ ልበሱ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቬሎ የሚመስል ነጭ ረጅም ቀሚስ ለአዳራሽ አይሁን። መልስ ላይ ሁላችንም የሐበሻ ልብስ፤ ሙሽሮቹ ካባ ይለብሳሉ።

ትራንስፖርት

ከደብረ ብርሃን የሚመጣው አውቶቡስ ቅዳሜ ጥር 16 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከመናኸሪያው በር ላይ ይነሳል። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰንዳፋና በለገጣፎ አድርጎ አያት ያደርሳችኋል፤ እዚያ ሚኪ ይቀበላችሁና በየምታድሩበት ቤት ያከፋፍላችኋል። የማን ቤት ማን እንደሚያድር ዝርዝሩን ነገ እለጥፋለሁ። ከሾፌሩ ኋላ ያለው የመጀመሪያ ወንበር የእማማ ነው። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ እግራቸውን መዘርጋት አለባቸው፤ ፊታቸው ዕቃ አታስቀምጡ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ እንዲቆም ለሾፌሩ ነግረነዋል።

እሁድ ንጋት ሁለት ሃይገር ባሶች አሉ። የመጀመሪያው ከሳሪስ፣ ከናትናኤል ወላጆች በር፣ 10፡30 ላይ ይነሳል። ሁለተኛው ከእማዬ በር 11፡00 ላይ። ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳሉ፤ አንድ ሰው ለመጠበቅ ሃምሳ ሰው ብርድ ላይ አናቆምም። ባሱ ካመለጣችሁ ራይድ ጥሩና በቀጥታ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንገናኝ። እነዚሁ ባሶች 6፡30 ላይ ከሁለቱም ቤት ወደ አዳራሽ፣ ማታ ደግሞ 12፡30 ላይ ከአዳራሹ ወደየሰፈሩ ይመልሳሉ። የሙሽራዋ ወገን ባስ መገናኛ፣ ሲኤምሲና አያት ላይ ያወርዳል። የሙሽራው ወገን ባስ ከሸኚዎቹ ጋር በቀጥታ ሳሪስ ይሄዳል።

መኪና ያላችሁ፣ አጃቢ የሚሆኑት ስድስት መኪኖች ብቻ ናቸው። ስማቸው ለሚኪ ተሰጥቷል፤ ሪባንም የሚታሰረው ለእነሱ ብቻ ነው። የአዳራሹ ፓርኪንግ ጠባብ ስለሆነ ሌሎቻችሁ ተጋርታችሁ ኑ። በመስኮት ወጥቶ መጨፈር፣ መንገድ ዘግቶ መቆም ፈጽሞ አይፈቀድም። የቪዲዮው መኪናም ቢሆን ኋላው ተከፍቶ ሰው አይቀመጥበትም፤ ከባለሙያዎቹ ጋር ተስማምተናል። እኛ የምንፈልገው የሄደው ሰው ሁሉ እንዲመለስ ነው። መጠጥ የቀመሰ ሰው መሪ አይያዝ። ቁልፉን ለጋሽ ተሾመ ይስጥ፤ እሳቸው አይጠጡም፣ መኪናውን አዳራሹ ግቢ አሳድረው ጠዋት ያስረክባሉ። ይህን ከጥበቃዎቹ ጋር ጨርሰናል።

ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለሰው አውቶቡስ ሰኞ ጥር 18 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከአያት ይነሳል። ለመልስ የምትቆዩ ረቡዕ ጠዋት ሚኒባስ እናዘጋጃለን፤ ግን ስንት እንደሆናችሁ ማወቅ አለብን።

ከእናንተ የምንፈልገው

እስከ አርብ ጥር 8 ድረስ ሦስት ነገር እዚሁ ግሩፕ ላይ ጻፉልን፦ ስንት ሰው እንደምትመጡ፣ በየትኛው ባስ እንደምትሄዱ፣ ለመልስ ትቆዩ እንደሆነ። ልጆችንም ቁጠሩ፤ እነሱም ወንበር ይይዛሉ። አዳራሽ ውስጥ ለልጆች የተለየ ጥግ አለ፣ ሁለት ሞግዚቶችም ይኖራሉ።

ስለ ትራንስፖርት ሚኪን፣ ስለ ልብስ ሳራን፣ ስለ ምግብ እትዬ አልማዝን ጠይቁ። ስለ ሌላው እኔን። ቤዛንና ናትናኤልን ግን ከሐሙስ ጥር 14 ጀምሮ አትደውሉላቸው።

የቤዛ ታላቅ እህት፣ ሜሮን
በአስተባባሪዎቹ ስም
ጥር 2 ቀን 2018