ከሃምሳው ሎሚ የእርስዎ የትኛው ነበር? ለመጋዘን ኃላፊ ቃለ መጠይቅ የተዘጋጁ ተከታይ ጥያቄዎች

ለጠያቂ ባልደረቦቼ፣

ነገ አራት እጩዎች ይቀርባሉ። ለእያንዳንዳቸው 50 ደቂቃ አለን። ዋና ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ለአራቱም በአንድ ቃል እንጠይቃለን። ትልቁ ሥራ ያለው ከዋናው ጥያቄ በኋላ ነው። እጩው «ቡድናችን የቆጠራ ልዩነቱን ዘጋ» ይለናል። እኛ ግን ቡድኑን አንቀጥርም፤ የምንቀጥረው አንድ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ያንን አንድ ሰው ከታሪኩ ውስጥ ነጥሎ ለማየት የተዘጋጁ ናቸው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ነገ የምንፈልገው ከሃምሳው ሎሚ በዚህ ሰው እጅ የነበረውን ነው።

«እኛ» የሚል ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት እንዳልሆነ ግን አደራ። ከዓመታት በፊት በተቀመጥኩበት አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ አንዲት እጩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ «አደረግን፣ አስተካከልን» እያለች ተናገረች። ከመካከላችን «እርስዎስ?» ያላት የለም። ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠናት። በኋላ የቀድሞ አለቃዋን ስናነጋግር፣ የመደርደሪያዎቹን ቁጥር አሰጣጥ ከሀ እስከ ፐ ያወጣችው እሷ ራሷ እንደነበረች ሰማን። ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ጥፋቱ የእኛ የጠያቂዎቹ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዋና ጥያቄ 1

«በመዝገብ ላይ ያለው ቁጥርና በመደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ አልገናኝ ያለበትን አንድ ጊዜ ይንገሩን። ምን ሆነ? እንዴትስ ተፈታ?»

እስኪጨርሱ አናቋርጥም። ሦስት አራት ደቂቃ ይውሰዱ። ከዚያ እንዲህ እንቀጥል፦

«አመሰግናለሁ። አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎት። ልዩነት መኖሩን መጀመሪያ ያየው ማን ነው? እርስዎስ በማን በኩል ሰሙ?»

«ስንት ሰው ነበራችሁ? ማን ምን ያዘ? እርስዎ የያዙት የቱን ነበር?»

«ሥራው በተጀመረበት ቀን ጠዋት ገብተው መጀመሪያ በእጅዎ የሠሩት ነገር ምንድን ነው?»

«ቢን ካርዱን ከሲስተሙ ጋር ያመሳከረው ማን ነው? እርስዎ ከሆኑ ከየትኞቹ ዕቃዎች ጀመሩ? ለምን ከእነሱ?»

ከሁሉም የምወዳት ይህችን «ለምን ከእነሱ?» የምትለዋን ነው። ጊዜ ካጠረን ሌላው ይቅር፣ እሷ አትቅር። ሥራውን በእጁ የነካ ሰው መልሱን አያጣውም። «በካርቶን ገብተው በፍሬ ከሚወጡት ጀመርኩ፤ አንዱ ጸሐፊ አሥራ ሁለት ፍሬ ለማለት አሥራ ሁለት ካርቶን መዝግቦ ሊሆን ይችላል ብዬ ጠረጠርኩ» ይላችኋል። ወይም «ፈጥነው ከሚወጡት ጀመርኩ፤ እንቅስቃሴ በበዛበት ስህተትም ይበዛል» ይላችኋል። በሩቁ ሆኖ ያየ ሰው ግን «ሁሉም በየተራው ታየ» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ስለ አንድ ሥራ ሊናገሩ ይችላሉ፤ ምክንያቱን የያዘው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

«ተወሰነ» ሲሉ

ቋንቋችን ሠሪውን የሚሸሽግ ምቹ ግሥ አለው። ተወሰነ፣ ተለየ፣ ተዘረጋ፣ ተስተካከለ። ግሡ «ተ»ን ለብሶ ሲመጣ ጆሯችሁ ይቁም። ያኔ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦

«‹ተወሰነ› ብለዋል። የወሰነው ማን ነው?»

«ከመወሰኑ በፊት እርስዎ ያቀረቡት ሐሳብ ነበር? ለማን አቀረቡት? በቃል ነው በጽሑፍ?»

«ሐሳብዎ እንዳለ ተወሰደ ወይስ ተቀየረ? ማን ቀየረው? ምኑን?»

እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት፣ ከዚህ በፊት የገጠመኝን አንድ ንግግር ልጻፍላችሁ።

«አዲስ የቆጠራ አሠራር ተዘረጋ።»
«የዘረጋው ማን ነው?»
«እኛው ነን። ማለቴ ክፍሉ።»
«መመሪያውን ቁጭ ብሎ የጻፈው ማን ነው?»
«የፋይናንስ ኃላፊዋ ናት።»
«እርስዎስ በዚያ ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?»
«እኔ በየሳምንቱ የሚቆጠሩትን መደርደሪያዎች መረጥኩ። ውድ ዕቃ ያለባቸው በወር ሁለት ጊዜ፣ ሌሎቹ በሦስት ወር አንዴ እንዲቆጠሩ ፕሮግራም አወጣሁ።»

በሦስት ጥያቄ ሎሚው ተገኘ። ደግሞ ጥሩ ሎሚ ነው! መመሪያውን አለመጻፉ ምንም አይጎዳውም። እኛ የምንፈልገው ሰው የትኛው መደርደሪያ ቶሎ ቶሎ መቆጠር እንዳለበት የሚያውቅ ነው። ሳንጠይቅ ብናልፍ ኖሮ ወይ የሌላ ሰው ሥራ ለእሱ እንጽፍለት ነበር፣ ወይ የራሱን እናስቀርበት ነበር።

«እኔ እኔ» ሲበዛ

የዚህኛው መድኃኒት ስለ ሌሎቹ መጠየቅ ነው።

«ከእርስዎ ሌላ እነማን ነበሩ? ስማቸውን ሳይሆን የሥራ ድርሻቸውን ይንገሩን።»

«ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣው ከማን ነው?»

«ከእነሱ ሥራ ውስጥ እርስዎ ብቻዎን ሊወጡት የማይችሉት የትኛው ነበር?»

«የፈረቃ ተቆጣጣሪው አሁን እዚህ ተቀምጦ ይህንኑ ታሪክ ቢነግረን፣ ከእርስዎ የተለየ ምን የሚል ይመስልዎታል?»

ድርሻውን ያበዛ ሰው ሁሉ ዋሸ አንበል። በ1979 ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ባልና ሚስትን ለየብቻ እየጠየቁ፣ ከቤት ውስጥ ሥራው የእያንዳንዳቸው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ እንዲገምቱ አድርገው ነበር። የሁለቱ ግምት ሲደመር በአብዛኛው ከሙሉው በለጠ። ሰው የራሱን ድካም ከሌላው ድካም ይልቅ በቀላሉ ያስታውሳል። ስለዚህ እነዚህን ጥያቄዎች የምንጠይቀው እንዲያስታውሱ ለመርዳት ነው። ድምፃችንም ይህንኑ ይምሰል።

እጩው ኃላፊ ከነበረ

ክፍት ቦታው የኃላፊ ነው፤ ስለዚህ «እኔ መደብኩ፣ እነሱ ሠሩ» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ይህም ሥራ ነው፤ ካርቶን አላነሳም ብለን አንቀንስበት። ግን መመደብም የራሱ ጥያቄ አለው፦

«ለዚያ ሥራ ያንን ሠራተኛ ለምን መረጡት? ሌላ አማራጭ ማን ነበር?»

«ሥራውን ሲሰጡት ምን አሉት? የተናገሩትን እንዳለ ይድገሙልን።»

«መሀል ላይ ሥራው መዘግየቱን እንዴት አወቁ? ያን ቀን ምን አደረጉ?»

«ያን ሳምንት ፈቃድ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሥራው የት ላይ ይቆም ነበር? የትኛውስ ያለ እርስዎም ይቀጥል ነበር?»

ለመጨረሻው «ሁሉም ይቆም ነበር» ከተባልን አንከራከር። «እሺ፣ ቁልፉን ማን ይዞ ይቀር ነበር? ጭነት ቢመጣ ማን ይረከብ ነበር?» ብለን እናውርደው።

ዋና ጥያቄ 2

«ሠራተኞች የተቃወሙትን አንድ የአሠራር ለውጥ ይንገሩን።»

እዚህ ጥቂት ይበቃል። «የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እርስዎ ምን አሉ?» «ማን ተቃወመ? ምን ብሎ?» «ከዚያ በኋላ ለብቻው ያነጋገሩት ሰው አለ? ምን ተባባላችሁ?» በስብሰባው ያልነበረ ሰው ተቃውሞውን በደፈናው «ለውጥ አልወደዱም» ይለዋል። የነበረ ሰው ግን ተቃዋሚው ያለውን ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜም ተቃዋሚው ልክ የነበረበትን ነጥብ ያምናል።

ዋና ጥያቄ 3

«ጭነት ለተሳሳተ ደንበኛ የሄደበትን ወይም በጣም የዘገየበትን አንድ ጊዜ ይንገሩን።»

እዚህ ላይ ተውላጠ ስሙ ሊገለበጥ ይችላል። በስኬቱ ጊዜ «እኛ» የነበረው በስህተቱ ጊዜ «እነሱ» ይሆናል። በለሆሳስ እንጠይቅ፦

«ዕቃው ከመደርደሪያ ወርዶ መኪና ላይ እስኪጫን በስንት ሰው እጅ አለፈ? እርስዎ የት ላይ ነበሩ?»

«እርስዎ የፈረሙበት ወረቀት የትኛው ነው? ከመፈረምዎ በፊት ምን አመሳከሩ?»

«ለደንበኛው የደወለው ማን ነው?»

ፊርማ ጥሩ ምስክር ነው። የፈረመ ሰው የፈረመበትን ቅጽ አይረሳም።

ቁጥር ሲጠሩ

«ልዩነቱ በግማሽ ቀነሰ» ከተባልን፦ «ቁጥሩን ያሰላው ማን ነው? ከየትኛው ቆጠራ ጋር አነጻጽሮ? በዚያው ጊዜ ሌላ የተለወጠ ነገር ነበር? አዲስ ሲስተም፣ አዲስ ሠራተኛ፣ የቀነሰ ሥራ?» ውጤቱ እውነት ሆኖ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ወሬው ሲረዝም

ለማቋረጥ ይህን ተጠቀሙ፦ «ስለ ቡድኑ በደንብ ገብቶናል። አሁን ስለ እርስዎ ብቻ ይንገሩን። እንደ መኩራራት አንቆጥረውም፤ የጠየቅነው እኛ ነን።» ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ለዓይን አፋር ሰው በር ትከፍታለች። በአንድ ታሪክ ላይ ግን ከአምስት ተከታይ ጥያቄ አንለፍ። መርማሪ ፊት የተቀመጠ የመሰለው ሰው ይዘጋል።

አጻጻፍ

ጠያቂው እኔ ነኝ። አንዳችሁ ተከታይ ጥያቄ ያመለጠኝ ሲመስላችሁ ግቡበት። ሌላችሁ ግሡን እንደ ተነገረ ጻፉ፤ «መረጥኩ» ያለውን «መረጥን»፣ «መረጥን» ያለውን «መረጥኩ» አታድርጉት። ገጹን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ራሱ የሠራው፣ ከሌላ ጋር የሠራው፣ ያየው ወይም የሰማው። እጩው ከወጣ በኋላ እያንዳንዳችን ለብቻችን ነጥብ እንሰጣለን፤ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች እኔ እጠብቃለሁ። ለአራቱም የምጠይቀው ይህን ነው፦

«ከነገሩን ሥራ ውስጥ ‹ይህስ የእኔ ነው› የሚሉት፣ እኛ ግን ሳንጠይቅዎት ያለፍነው ነገር አለ?»

ከጠየቅኩ በኋላ ዝም እላለሁ። እናንተም ዝም በሉ፤ ለማሰብ ጊዜ ይፈልጋሉ።