ስለ ናሆም የሆድ ድርቀትና የመጸዳጃ ቤት ፈቃድ ለስም ጠሪ መምህርቱ የተጻፈ ደብዳቤ

ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለክብርት መምህርት ሰላማዊት
የ2ኛ ክፍል «ለ» ምድብ ስም ጠሪ መምህርት

ጉዳዩ፦ ልጄ ናሆም ባለበት የሆድ ድርቀት ሕመም ምክንያት በትምህርት ሰዓት ወደ መጸዳጃ ቤት እንዲሄድ እንዲፈቀድለት ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ጉዳይ ልጄን ልወስድ ስመጣ በቃል ልነግርዎ ሁለት ጊዜ አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ በመውጫ ሰዓት ወላጆች በዙሪያዎ ስለሚሰበሰቡ፣ ነገሩንም ሌላ ሰው ባይሰማው ስለምመርጥ፣ በጽሑፍ ማቅረቡን የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ደብዳቤው ቢረዝም ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ልጄ ናሆም የሆድ ድርቀት ሕመም አለበት። ችግሩ ክረምት ላይ መጠነኛ ሆኖ የጀመረ ቢሆንም ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ብሶበት፣ አራትና አምስት ቀን ሳይወጣ የሚቆይበት፣ ሲወጣም እያለቀሰ የሚሆንበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደ ማንኛዋም እናት ተልባ በጥብጬ አጠጣሁት፤ ፓፓያና ብርቱካን አበዛሁለት፤ አያቱ ደግሞ የኮሶ ነገር ሲያነሱ «ለልጅ አይሆንም» ብዬ እምቢ አልኩ። ለጥቂት ቀናት ሻል ይለውና ተመልሶ ያው ይሆን ነበር።

ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ የዩኒፎርም ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮ ነበር። ብርድ ስለነበረ ልበሰው ብዬ ልፈታለት ስል እጄን ያዘኝና ማልቀስ ጀመረ። ሱሪው ተበላሽቶ ነበር። የሚያሳዝነው፣ የመጀመሪያው ቃሌ «አንተ ትልቅ ልጅ!» የሚል ቁጣ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በፊትም ፓንቱ ላይ ትንሽ ትንሽ እድፍ ባየሁ ቁጥር በስንፍናና በጨዋታ ብዛት አመካኝቼ ቀጥቼዋለሁ። እርሱ ግን ደጋግሞ የሚለው «ማሚ፣ ሲመጣ አላወቅሁትም» ነበር፤ እኔም አላመንኩትም።

ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ሆዱን በእጃቸው ዳስሰው በግራ በኩል ወደ ታች የደረቀውን ሰገራ እኔም በጣቴ እንድዳስሰው አደረጉኝ፤ እንደ ድንች ጓል ጓል ያለ ነገር ነበር። ከዚያም ልጁ እውነቱን እንደሚናገር አስረዱኝ። አንድ ልጅ ሰገራው ሲመጣ ደጋግሞ ሲይዘው፣ ትልቁ አንጀት ውሃውን እየመጠጠ ስለሚያደርቀው በማግስቱ ሲወጣ ያምመዋል፤ ስላመመው ደግሞ በሚቀጥለው ቀን አጥብቆ ይይዘዋል። ይህ ለሳምንታት ሲቀጥል የአንጀቱ መጨረሻ እየሰፋ ስሜቱ ይደነዝዛል፤ ከላይ የሚመጣው ቀጭን ሰገራ በደረቀው ዙሪያ ሾልኮ ልጁ ሳያውቀው ይወጣል። ሱሪው የተበላሸው በዚህ ምክንያት እንጂ ሆን ብሎ ወይም ታክቶት አልነበረም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት።

እንግዲህ ለምን ይይዘዋል ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኘነው ከራሱ ነው። ሐኪሟ ሲጠይቁት ቤት እንደማይይዘው፣ ትምህርት ቤት ግን እንደሚይዘው ተናገረ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ የወንዶች መጸዳጃ ቤት መጨረሻው ክፍል መቀርቀሪያ የለውም፤ አንድ ቀን ቁጢጥ ብሎ ሳለ ልጆች በሩን ገፍተው ከፍተው ሳቁበት፤ ከዚያ ወዲህ በረፍት ሰዓት ገብቶ አያውቅም። ልጆች ወደ ክፍል ሲመለሱና መጸዳጃ ቤቱ ጭር ሲል ለመሄድ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ያ ሰዓት ትምህርት የሚጀመርበት በመሆኑ «በረፍት ለምን አልሄድክም?» ይባላል። በዚህ ማንንም እየወቀስኩ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንዱ ሲወጣ አሥሩ እጁን እንደሚያወጣ እኔም ተምሬበት ያለፍኩበት ነገር ነው፤ ደንቡም ያለ ምክንያት አልወጣም። የናሆም ጉዳይ ግን በዚህ ደንብ ሊታይ የማይችል ሆኖብኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ቆይቼ ነው ያስተዋልኩት። የውሃ ኮዳው ጠዋት እንደሞላሁት ማታም ሞልቶ ይመለሳል። ስጠይቀው «ውሃ ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል» አለኝ። ልጁ መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ብሎ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠጣም ማለት ነው፤ ይህም ድርቀቱን ያባብሰዋል።

አሁን ሕክምናውን ጀምሯል። ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ሚሊ ሊትር ይወስዳል። መድኃኒቱ ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ሰገራውን የሚያለሰልስ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዱ ሊነፋና ሊያጉረመርም፣ አንዳንዴም ድንገት ሊያጣድፈው ይችላል። ሐኪሟ እንደነገሩኝ፣ ሰገራው ስለለሰለሰ ብቻ ሕክምናው አይቆምም፤ የሰፋው አንጀት ወደ ቦታው እስኪመለስና ስሜቱ እስኪስተካከል ድረስ ለወራት መቀጠል አለበት። ስለዚህ የምጠይቅዎ ነገር የአንድ ሳምንት ጉዳይ ሳይሆን ቢያንስ ይህ የትምህርት ዓመት እስኪያልቅ ድረስ የሚቆይ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የምለምንዎ፣ ናሆም ሲጠይቅ በየትኛውም ክፍለ ጊዜ፣ ፈተና ላይም ቢሆን፣ ወዲያውኑ እንዲሄድ እንዲፈቀድለት ነው። «ትንሽ ቆይ፣ ይህን ጽፈህ ጨርስ» ማለት ለሌላ ልጅ ምንም ባይሆንም ለእርሱ ግን ትልቅ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም የሰገራ ስሜት ከተያዘ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል፣ ከጠፋም በኋላ ልጁ መጸዳጃ ቤት ቢቀመጥም አይመጣለትም። እጁን አውጥቶ በሁሉም ፊት መጠየቅ ስለሚያሳፍረው አንድ ምልክት ብንስማማ ደስ ይለኛል። ምልክቱን የመረጠው እርሱ ራሱ ነው፤ ቀዩን ላጲሱን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል፣ እርስዎ አይተው ራስዎን ከነቀነቁለት ይወጣል። «ላጲስ ሁሉም ስላለው ማንም አያውቅብኝም» ብሎኛል። ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት፣ እንዲሁም የስፖርት መምህሩ፣ ይህን ምልክት እንዲያውቁት ቢነግሩልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ፈቃዱን ከትምህርት ለማምለጫ ይጠቀምበት ይሆን የሚል ሥጋት ቢያድርብዎ አልፈርድም፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነውና አንዳንዴ ያደርገው ይሆናል። እኔ ግን አሥር ጊዜ በከንቱ ወጥቶ ቢመለስ፣ አንድ ጊዜ ከሚይዘው ይሻለኛል። ያመለጠውን ትምህርት ማታ ቤት አስጠናዋለሁ።

ከዚህ ሌላ፣ ሰው ከበላ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚንቀሳቀስ ሐኪሟ ከቁርስና ከምሳ በኋላ ለአምስትና ለአሥር ደቂቃ ሳይቸኩል እንዲቀመጥ አዘዋል። ጠዋት እኔ ቤት አስቀምጠዋለሁ፤ ወንበር መሳዩ መጸዳጃ ላይ እግሩ እንዳይንጠለጠል ከእግሩ ሥር በርጩማ አደርግለታለሁ። የምሳው ግን የሚውለው እናንተ ዘንድ ነው። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቁጢጥ የሚባልበት መሆኑ ችግር የለውም፤ እንዲያውም አቀማመጡ ጥሩ ነው ብለውኛል። ችግሩ በሩ ብቻ ነው። ምሳውን በልቶ ከጨረሰ በኋላ፣ በግምት 6፡40 ላይ፣ መቀርቀሪያ ያለውን ክፍል እንዲጠቀም ወይም ከግቢው ሠራተኞች አንዷ በሩ አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቆሙለት ማድረግ ይቻል ይሆን? የመቀርቀሪያውን ጉዳይ በሚመለከት ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ ወጪውን ሸፍኜ ለማስገጠም ዝግጁ ነኝ፤ ለአንድ መቀርቀሪያ ብሎ ደብዳቤ መጻጻፍ ለሁላችንም ድካም ነው።

በቦርሳው የኋላ ኪስ ቅያሪ ሱሪና ፓንት፣ ሶፍት እንዲሁም ጥቁር ፌስታል አስቀምጬለታለሁ። አልፎ አልፎ ሱሪው ቢበላሽ በዝምታ ወጥቶ እንዲቀይር ቢደረግልኝ፣ ቢዘገይም ለምን እንደዘገየ በልጆች ፊት ባይጠየቅ እመርጣለሁ። የቆሸሸውን ፌስታሉ ውስጥ አስሮ ይዞልኝ ይምጣ፤ ማጠቡ የእኔ ሥራ ነው። ራሱ መቀየር ይችላል፣ ቤት ተለማምደነዋል። ሽታ ሲኖር ልጆች ቀድመው እንደሚያውቁና ስም እንደሚያወጡለት አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ስም ከወጣለት በኋላ መድኃኒት የማይመልሰው ነገር ይሆንብኛል ብዬ እፈራለሁ።

ውሃውን በተመለከተ ኮዳው ላይ በእስክሪፕቶ ሁለት መስመር አስምሬያለሁ፤ የላይኛው እስከ 4፡15 ረፍት፣ የታችኛው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ መድረስ ያለበት ነው። በየሰዓቱ ይከታተሉት አልልም፤ በረፍትና በምሳ ሰዓት ኮዳውን አንዴ አየት ቢያደርጉለት ግን ስለ እርስዎ ብሎ ይጠጣል፤ ከእኔ ይልቅ የሚሰማው እርስዎን ነው። የምሳ ዕቃውም ተለውጧል፤ ቀደም ሲል መኮሮኒና ነጭ ዳቦ እልክለት ነበር፣ አሁን የጾሙንም ጊዜ ምክንያት አድርገን እንጀራ በምስር፣ በሽሮና በጎመን፣ ከጎኑም ፓፓያ ወይም ብርቱካን እልክለታለሁ። ባይጨርሰውም አያስገድዱት።

የሐኪም ማስረጃውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ለርዕሰ መምህሩ ማሳየት የሚያስፈልግ ከሆነ ይችላሉ፤ ከዚያ ውጪ ጉዳዩ በእርስዎና በሚያስተምሩት መምህራን ዘንድ ብቻ እንዲቆይልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እስካሁን በመገናኛ ደብተሩ ላይ «ትኩረቱ ቀንሷል፣ ይቁነጠነጣል» ብለው የጻፉልኝን አንብቤ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያ መቁነጥነጥ እግሩን አጣብቆ የሚይዝበት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ደግመው ሲያዩት ላጲሱን ሳያስቀምጥም ቢሆን ይላኩት፤ አንዳንዴ ራሱም አያውቀውም።

በአካል መነጋገሩ የሚሻል ከመሰለዎ ዓርብ ኅዳር 26 ቀን ከሰዓት በኋላ 9፡30 ላይ ከሥራ አስፈቅጄ መምጣት እችላለሁ። ሰዓቱ ካልተመቸዎት የሚመችዎትን በመገናኛ ደብተሩ ላይ ይጻፉልኝ፤ ደብተሩን እኔ እንጂ ናሆም አይከፍተውም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ወይንሸት
የናሆም እናት