ስልኩ ሳይሆን ጆሯቸው፦ በድንገት አንድ ጆሯቸው መስማት ያቆመ የ46 ዓመት ሴት ከቱሉ ዲምቱ (የታካሚ ሪፖርት)

አጭር መግለጫ
በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚኖሩ የ46 ዓመት ሴት መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ግራ ጆሯቸው በድንገት መስማት አቆመ። ለስድስት ቀን "ጉንፋን ነው" ተብለው ቆይተው ወደ እኛ መጡ። ሕመሙ የውስጥ ጆሮ (ሴንሰሪኒውራል) ሆኖ ተገኘ። በፕሬድኒሶሎን ከፊል ለውጥ ታየ። ቀጥሎ ዴክሳሜታዞን በታምቡሩ በኩል ሲሰጥ የመስማት ደረጃቸው ከ65 ወደ 33 ዴሲቤል ተሻሻለ።

መግቢያ
ድንገተኛ የውስጥ ጆሮ መስማት ማጣት የሚባለው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ተከታታይ በሆኑ ቢያንስ ሦስት የድምፅ ድግግሞሾች ላይ፣ 30 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሲቀንስ ነው። በአብዛኞቹ ታካሚዎች መንስኤው አይታወቅም። ሕመም የለውም፣ ፈሳሽ የለውም፣ ታምቡሩም ጤነኛ ይመስላል። ለዚህም ነው ከጉንፋን ጋር የሚምታታው።

የታካሚዋ ታሪክ
ታካሚዋ እንጀራ ጋግረው ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ያቀርባሉ። ትዕዛዝ የሚቀበሉት በስልክ ነው። ረቡዕ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ስልኩን በግራ ጆሯቸው ሲያነሱ ምንም ድምፅ የለም። "ስልኩ ተበላሸ" ብለው መንገድ ዳር ላለ ጠጋኝ ወሰዱት። ልጁ ስፒከር ላይ አድርጎ ሞከረውና "ስልኩ ደህና ነው እማማ፣ ጆሮዎትን ይታዩ" አላቸው። በሂደቱ ሁሉ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ምክር የሰጠው እሱ መሆኑን መመዝገብ እንፈልጋለን።

ከሰዓት በኋላ ጆሯቸው እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር። የመደፈን ስሜትም ነበራቸው። ማዞር፣ ማስመለስ፣ ሕመም ወይም ፈሳሽ አልነበረም። ጎረቤት "ብርድ ነው" ብላ ጤና አዳም በዘይት አሙቃ ጠብ አደረገችላቸው። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው አሞክሲሲሊንና የጆሮ ጠብታ ተሰጣቸው። ጆሯቸው በመብራት ታይቷል፤ ንጹሕ ነበር። ግን የመስማት ፈተና አልተደረገም።

ከዚህ በፊት የጆሮ ሕመም፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ የለባቸውም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም ሆነ ጄንታማይሲን ወስደው አያውቁም።

ምርመራ
መጋቢት 9 ቀን ስናያቸው የደም ግፊታቸው 128/82 ነበር። በሁለቱም ጆሮ ኩክ የለም፤ ታምቡሮቹም ጤነኛ ናቸው። ጤና አዳሙ ጉዳት አላደረሰም። የፊት ነርቭና የአረማመድ ምርመራው ደህና ነው።

መጀመሪያ አፋቸውን ዘግተው "እምምም" እንዲሉ ጠየቅናቸው። "በቀኝ በኩል ነው የሚሰማኝ" አሉ። ጆሮው በኩክ ወይም በፈሳሽ ተደፍኖ ቢሆን ድምፁ ወደታመመው ጆሮ ይሄድ ነበር። ወደ ጤነኛው ከሄደ የውስጥ ጆሮን መጠርጠር ነው። በ512 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ ስንደግመው የዌበር ምርመራ ወደ ቀኝ አዘነበለ። በሪኔ ምርመራ ደግሞ በሁለቱም ጆሮ በአየር የሚሰማው በአጥንት ከሚሰማው በለጠ።

ኦዲዮግራም የሚሠራበት ቦታ መሃል ከተማ ስለሆነ በማግስቱ ተሠራ። የግራ ጆሮ ውጤት በ500 ኸርዝ 60፣ በ1000 እና በ2000 ኸርዝ 65፣ በ4000 ኸርዝ 70 ዴሲቤል፤ አማካዩ 65። በአጥንት በኩል የተለካውም ተመሳሳይ ነው። ቀኝ ጆሯቸው ጤነኛ ነው። የቀድሞ ኦዲዮግራም ስለሌላቸው ቀኙን እንደ መነሻ ወሰድን።

የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዎች ነጻ ነበሩ። የሳንባ ነቀርሳ ምልክት የለም። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 94 ነበር። ሲቲ ስካን አላዘዝንም፤ ለዚህ ችግር የሚጠቅመን ነገር ጥቂት ነው። በግንቦት ወር ተራ ደርሷቸው የተነሱት ኤምአርአይ በመስማት ነርቭ ላይ ዕጢ አላሳየም።

ሕክምና
ኦዲዮግራሙን ሳንጠብቅ በዚያው ቀን ጀመርን። ክብደታቸው 58 ኪሎ ስለሆነ ፕሬድኒሶሎን በቀን 60 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 5 ሚሊግራሙን 12 ፍሬ፣ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ለ10 ቀን አዘዝን። ከዚያ በየቀኑ 10 ሚሊግራም እየቀነሰ በአምስት ቀን አለቀ።

እዚህ ላይ ያላሰብነው ጉዳይ ገጠመን። ወቅቱ ሁዳዴ ነው፤ እሳቸውም እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። 12 ፍሬ ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ ጨጓራ ያስቸግራል። "ጾሙን ይተዉ" ማለት የእኛ ሥራ አልነበረም፤ ብንል ኖሮ ምናልባት የሚተዉት መድኃኒቱን ነበር። የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ነገርናቸው። እሳቸውም "ጠዋት ቀምሰሽ ዋጪ" አሏቸው። በበሶ ወሰዱት። አንድም ቀን አላስተጓጎሉም።

በሳምንቱ የባዶ ሆድ ስኳራቸው 118 ደረሰ፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ወደ 97 ተመለሰ። ለጥቂት ቀን እንቅልፍ አጥተዋል።

መጋቢት 25 ቀን የተደገመው ኦዲዮግራም አማካይ 45 ዴሲቤል አሳየ። ከፊል መሻሻል ስለሆነ፣ ሕመሙ ከጀመረም አራት ሳምንት ስላልሞላው፣ ዴክሳሜታዞን በታምቡሩ በኩል ወደ መካከለኛው ጆሮ እንድንሰጥ ተስማሙ። በእጃችን የነበረው 4 ሚሊግራም በሚሊሊትር ነው፤ ከዚህ የጠነከረ ይመረጣል፣ ግን አላገኘንም። 0.5 ሚሊሊትር እየሰጠን ለ30 ደቂቃ የታመመው ጆሮ ወደ ላይ ሆኖ፣ ብዙ ሳይውጡና ሳይናገሩ፣ እንዲተኙ አደረግን። አራት ጊዜ፣ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ተሰጠ። ሦስተኛው ስቅለት ላይ ስለዋለ በዋዜማው ሚያዝያ 9 ሰጠነው። ታምቡሩ በደንብ ድኗል።

ውጤት
የመጨረሻው መርፌ ከተሰጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ በ500 ኸርዝ 25፣ በ1000 እና በ2000 ኸርዝ 30፣ በ4000 ኸርዝ 45 ዴሲቤል ሆነ፤ አማካዩ 33 ገደማ። በስድስት ወሩም አልተለወጠም። የጆሮ ጩኸቱ ሌሊት ላይ ብቻ ይሰማቸዋል።

ውይይት
መድኃኒቱ አዳናቸው ብለን መማል አንችልም። ያለ ሕክምና በራሳቸው የሚሻሻሉ ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም። አንድ ታካሚ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። ማዞር አለመኖሩና ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ አለመሆኑም ጥሩ ምልክቶች ነበሩ። የመነሻው ኦዲዮግራም ከመጀመሪያው መጠን በኋላ መሠራቱም ጉድለት ነው፤ ግን ለወረቀት ስንል ሌላ ቀን ማባከን አልፈለግንም።

እኛን የሚያሳስበን ስድስቱ ቀን ነው። ስቴሮይድ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲጀመር ነው። ታካሚዋ ቤታቸው አልተቀመጡም፤ ጤና ጣቢያ ሄደዋል። ጆሯቸውም ታይቷል። የንጹሕ ታምቡር ትርጉም ግን በተቃራኒው ተነበበ። "ምንም የለም" ተባለ። የማይሰማ ጆሮ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ሊያስደነግጠን ነው የሚገባው፤ መደፈኑን የሚያስረዳ ነገር የለማ። ጤና ጣቢያው ቱኒንግ ፎርክ ባይኖረውም "እምምም" ማስባል ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከግማሽ ደቂቃም አያልፍም። ትክክለኛ ምርመራን አይተካም፤ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ አንገት በላይ ሐኪም እንዲላክ ለመወሰን ግን ይበቃል።

የታካሚዋ አስተያየት
"ሰው ሲጣራ ከየት በኩል እንደሆነ አላውቅም ነበር። መንገድ ስሻገር ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። አሁን ስልክ በቀኝ ነው የማነሳው፣ ለምጄዋለሁ። በግራም ይሰማኛል፣ ግን ድምፁ ቀጠን ይላል።"

ፈቃድ
ታካሚዋ ታሪካቸው ያለ ስም እንዲታተም በጽሑፍ ፈቅደዋል። ጽሑፉም ከመላኩ በፊት ተነቦላቸው፣ የስልክ ጠጋኙ ነገር ከጽሑፉ እንዳይቀር ጠይቀዋል።