የጥር ወር የኦቨርሄድ ልዩነት ለምን አሉታዊ ሆነ

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ
ለጋሽ ሰይድ

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ሰይድ፣

የጥር ሪፖርት ላይ የኦቨርሄድ ልዩነት 1,023,000 ብር የሚለውን በቀይ አክብበው «ይሄ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» ብለው ጽፈው መልሰውልኛል። ሰኞ ከስብሰባው በፊት እንዲደርስዎ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አጭሩ መልስ፣ አብዛኛው የትም አልገባም። ለሠራነው 98,000 ሜትር ጨርቅ ከሚገባው በላይ ያወጣነው 363,000 ብር ነው። ቀሪው 660,000 ብር ከበጀቱ ያነሰ ስላመረትን ጨርቁ ያልተሸከመው፣ ብንሠራም ባንሠራም የምንከፍለው ቋሚ ወጪ ነው፤ የእርጅና ቅናሹ፣ የጥበቃው፣ የፎርማኖቹ ደሞዝ፣ ኢንሹራንሱ። እንደ ቤት ኪራይ በሉት፤ ቤቱ ውስጥ አደርክም አላደርክም ወሩ ሲሞላ አከራዩ ይመጣል። ስለዚህ እባክዎ ሰኞ የሽመና ክፍሉን ኃላፊ «አንድ ሚሊዮን አቃጠልክ» እንዳይሉት። አላቃጠለም።

አሁን ወደ ስሌቱ። በጀታችን 30 ማሽን፣ በቀን ሁለት ፈረቃ፣ 25 የሥራ ቀን ብሎ 12,000 የማሽን ሰዓት ነው የያዘው። ጥምቀት ሰኞ መዋሉ እዚያው ውስጥ ተቀንሷል፣ ስለዚህ በበዓሉ አናሳብብ። አንድ የማሽን ሰዓት 10 ሜትር ያወጣል፣ 300 ብር ቋሚና 180 ብር ተለዋዋጭ ኦቨርሄድ ይሸከማል። 98,000 ሜትር ማለት 9,800 መደበኛ ሰዓት ነው፤ በ480 ብር ሲባዛ ምርቱ የተሸከመው 4,704,000 ብር ይሆናል። በተግባር የወጣው ግን 5,727,000 ብር ነው። ልዩነቱ ያው በቀይ ያከበቡት ነው።

ሪፖርቱ ላይ ይህ በአራት መስመር ተከፍሏል፦ የምርት መጠን 660,000፣ የተለዋዋጭ ወጪ 201,000፣ የቅልጥፍና 90,000፣ የቋሚ ወጪ 72,000። አራቱም አሉታዊ ናቸው። ለኦዲተር ይህ አከፋፈል ይበቃል፤ ለእርስዎ ግን ምንም አይነግርዎትም፣ ምክንያቱም አንድ ችግር ሦስት መስመር ላይ ተበትኖ ይገባል። ስለዚህ የፈረቃ መዝገቡን ከጥገናው መዝገብ ጋር አመሳክሬ በምክንያት አስቀመጥኩት።

መብራት 493,000 ብር ወስዷል። በወሩ 55 ሰዓት ጠፍቷል። ጀነሬተሩ የሚችለው 12 ማሽን ብቻ ስለሆነ 18ቱ ይቆማሉ፣ ያ 990 የማሽን ሰዓት ነው፤ የቆመ ማሽን ቋሚውን ብቻ ስለሚያስቆጥር በ300 ብር 297,000። በዚያ ላይ በጀቱ ጀነሬተሩ በወር 15 ሰዓት ይሠራል ብሎ ነበር፣ እኛ 40 ሰዓት አስበለጥን። ለእሱ የተጨመረው ናፍጣ፣ ያልከፈልነው የመብራት ሂሳብ ተቀንሶለት፣ 148,000 ብር ነው። መብራት በመጣ ቁጥር ደግሞ ማሽኖቹን እስኪያስተካክሉ ጊዜ ይሄዳል፣ እሱም 100 ሰዓት ገደማ ነው፤ እዚህ ተለዋዋጩም ስለሚቆጠር በ480 ብር 48,000 ይጨመራል።

ስብሰባ ላይ ሁሉም ሰው መብራት፣ መብራት እንደሚል አውቃለሁ። ውሸት አይደለም፣ ግማሹን ያህል እሱ ነው የበላው። ግን መብራቱ በእጃችን አይደለም፤ በእጃችን ያለው ክሩ ነው፣ እኔም ልነግርዎ የፈለግሁት ዋናው ነገር እሱ ነው።

ክሩ 360,000 ብር አስወጥቶናል፣ በሁለት መንገድ። አንደኛ፣ ዘግይቶ መጣ። መጋዘን ውስጥ የቀረው ለአራት ቀን ብቻ የሚበቃ ሲሆን ነው የግዢ ጥያቄው የተፈረመው፤ ዕቃው ደግሞ ከአዲስ አበባ በጣርማበር አድርጎ ነው የሚመጣው፣ መኪናው ዛሬ ተጭኖ ነገ ይገባል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። አሥር ማሽኖች 56 ሰዓት ባዶ ቆሙ። 560 ሰዓት በ300 ብር፣ 168,000።

ሁለተኛው የበለጠ ያናድዳል። ይህ ክር ከበፊቱ በርካሽ የተገዛ ነው። የጥሬ ዕቃ ሪፖርቱን ቢያዩ የዋጋ ልዩነቱ 84,000 ብር ትርፍ ያሳያል፣ ግዢ ክፍልም ተመስግኖበታል። ግን ሽመናው ውስጥ ገብተው ቢያዩት ክሩ ቦታ ቦታው ላይ ይወፍርና ይሳሳል፣ ድሩ ላይ ሲወጠር ስሱ ጋ ይበጠሳል። 17 ቁጥር ማሽን ላይ የምትሠራው ልጅ ድሩን ቋጥራ ቀና ከማለቷ ማሽኑ እንደገና ይቆማል፤ እሷ አልሰነፈችም፣ ሙሉ ፈረቃዋን ስትቋጥር ነው የዋለችው። በዚህ ምክንያት 400 ሰዓት ተጨማሪ ሠርተን የወጣ ጨርቅ የለም። በ480 ብር 192,000። 84,000 አትርፈን 192,000 ከሰርን ማለት ነው፣ የተበላሸው ጨርቅና የሠራተኛው ሰዓት ገና ሳይቆጠር፤ እነሱ በሌላ ሪፖርት ነው የሚመጡት።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ሁለት ማሽኖች ኩሽኔታ ሲጠብቁ 75፣ 75 ሰዓት ቆመዋል፣ 45,000 ብር። ሲቸኩል ደግሞ ኩሽኔታውንም ቺንጋውንም ከደሴ ሱቅ በችርቻሮ ገዛን፣ ከበጀቱ 53,000 በለጠ። ቋሚ ወጪው ላይ ያለው 72,000 ደግሞ 45,000ው ኢንሹራንሱ ሲታደስ የጨመረው ነው፣ በየወሩ ይቀጥላል፤ 27,000ው የመጋዘኑ ጣሪያ ጥገና ነው፣ አይደገምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው «ለምን የሌሊት ፈረቃ ጨምረን ኦቨርሄዱን አናዳርሰውም?» ብለውኝ ነበር። ወረቀት ላይ ይሠራል፣ 22,000 ሜትር ብንጨምር 660,000ው ብን ብሎ ይጠፋል። ግን ትእዛዝ የሌለው ጨርቅ ከሆነ ወጪው ከሪፖርቱ ወጥቶ መጋዘን ገብቶ ይተኛል እንጂ አይቀንስም፤ ለክሩ፣ ለናፍጣውና ለሌሊት አበሉ የምናወጣው ጥሬ ገንዘብ ደግሞ የምር ነው። ገዢ ካለ እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነኝ።

ከእርስዎ የምፈልገው ፊርማ ሁለት ቦታ ላይ ነው። የክር ግዢ ጥያቄ መጋዘን ውስጥ የ12 ቀን ክር ሲቀር እንዲወጣ፣ አዲስ ክር ከመገዛቱ በፊት ደግሞ ናሙናው ሁለት ማሽን ላይ አንድ ፈረቃ እንዲሞከር። ናሙናው ካልያዘ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይቅርብን። መብራቱን በተመለከተ፣ የማስረከቢያ ቀናቸው የደረሱ ትእዛዞች ጀነሬተሩ በሚይዛቸው 12 ማሽኖች ላይ ቢጫኑ ቢያንስ ደንበኛ ጋ አናፍርም፤ ይህን ለምርት ክፍል ነግሬያቸው ተስማምተዋል።

የየካቲት በጀትም እንዳያስደነግጥዎ ከአሁኑ ልንገርዎ። በሚመጣው ሳምንት ዐቢይ ጾምም ረመዳንም ይገባሉ። የማታው ፈረቃ የማፍጠሪያ እረፍት የ12,000 ሰዓቱ ስሌት ውስጥ አልገባም፣ እኔ ለብቻው አውጥቼ አሳየዋለሁ፣ ከሌላው የሰዓት ብክነት ጋር እንዳይደባለቅ። የሁለቱ ማሽኖች የጥገና መዝገብና የፈረቃ ቅጂዎቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። ሰኞ ጠዋት 2:30 ላይ ቢሮዎ እመጣለሁ፣ ግዢ ክፍልም ቢኖር ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከፍያለው
የኮስት አካውንታንት